ሐሙስ ማታ ጥብስ ቤት የተባለው

ደመወዝ ከገባ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ከሥራ ሲወጡ ተያይዞ ጥብስ ቤት መሄድ የአንድ ሂሳብ ክፍል ልማድ ነው እንበል። ድርጅቱ መካከለኛ አስመጪ ነው፤ ቢሮው መገናኛ አካባቢ፣ የክፍሉ ሰው ስምንት። ሐሙስ የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። ረቡዕና አርብ ይጾማል፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርጉም ለቅሶውም፣ የቤቱም ጣጣ አለ። የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ውስጥ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሸክላው እየተንቸሰቸሰ ሲቀርብና ድራፍቱ ሲቀዳ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ ይቀልዳል፣ ያደገበትን ሰፈር ይተርካል፣ ስለ ሥራም ቢሮ ውስጥ የማይለውን ይላል።

ከስምንቱ አንዷ አትሄድም። የልጇ መዋያ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ቤቷ አያት ነው፣ ባሏ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው። ለሰው የምትናገረው ይህን ነው። የማትናገረውም አለ። ሙስሊም ናት፤ ጥብስ ቤቱ የክርስቲያን ነው። በፊት ሁለት ጊዜ ያህል ሄዳ አምቦ ውሃ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሁሉም «አንቺስ ምን እንዘዝልሽ?» እያለ ሲጨነቅላት፣ የጨዋታው ለዛ በእሷ ምክንያት የጠፋ መስሎ ታያት። ስለዚህ ልጁን ምክንያት ማድረግ ቀለላት። የልጅ ምክንያት ደግሞ ብዙ አያስኬድም። መጀመሪያ «ይዘሽው ነይ» ይባላል፤ ቀጥሎ «እናትሽ ጋ ለአንድ ቀን አያመሽም?»፤ በሦስተኛው ወር ጠያቂው ራሱ ይጠፋል። እንዳናሳቅቃት ብለው ነው መጠየቃቸውን የተዉት።

ይህችን ሴት የፈጠርኳት እኔ ነኝ፤ በየቢሮው የሚሰማውን ሰብስቤ። በእሷ ቦታ ዳገት የወጣች ጴንጤ፣ ከሰው ብዛት የሚሸሽ ዝምተኛ ወጣት፣ መጠጥ የተወ ሰው፣ ለመዋጮ የሚተርፍ ብር የሌለው ጀማሪ ሠራተኛ፣ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው አካል ጉዳተኛ ቢቀመጥ ነገሩ ያው ነው። የደረሰባትን እንከተል።

አንድ ሐሙስ ኃላፊው ከዋናው ሥራ አስኪያጅ የሰማውን ጥብስ ቤት አወራ። ድርጅቱ የሂሳብ ሶፍትዌሩን ሊቀይር ነው፤ ከክፍሉ ሁለት ሰው ለአሥር ቀን ሥልጠና ይላካል። «ማን ይሂድ?» አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ «እኔ አለሁ» አለ፤ ማዶ ያለችውም እጇን አወጣች። «በቃ፣ እናንተ ሂዱ» ተባለ፤ ወሬው ወደ ኳስ ዞረ። አርብ ጠዋት የሁለቱ ስም ለሰው ሀብት ክፍል ተላከ። እሷ የሰማችው በሚቀጥለው ሳምንት፣ የሁለቱን ሥራ ደርባ እንድትሸፍን ሲነገራት ነው። የመጋዘን ቆጠራውን ከመዝገብ ጋር የምታስታርቀው እሷ ናት፤ ሶፍትዌሩ በዋናነት የሚገዛውም ይህን ሥራ ለማቅለል ነው።

ክፉ ያሰበባት የለም። ቅሬታዋን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ጣቷን የምትቀስርበት ሰው የላትም። ጥብስ ቤት አልሄድም ያለችው ራሷ ናት። «ቀርተሽ፣ ቀረብኝ ትያለሽ?» ብትባል መልስ ያጥራታል። በዚህ ምክንያት አብዛኛው በእሷ ቦታ ያለ ሰው ዝም ይላል፤ ሲቆይ ዝምታው «ኩራተኛ ናት» የሚል ትርጉም ይሰጠዋል።

ሆድ የባሳት ግን በሥልጠናው ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊትም አርብ ጠዋት በር ከፍታ ስትገባ የሚሳቀውን ሳቅ መነሻውን አታውቅም፤ የክፍሉ ቴሌግራም ላይ የተለጠፉትን ፎቶዎች ማታ ልጇን አስተኝታ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። መሄድ እንደማትፈልግ እርግጠኛ ናት። ታዲያ ያልፈለገችው ነገር ሲቀርባት ለምን ይከፋታል?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያለው ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው። ሰውየው ለጥናቱ ያነሳሳውን ገጠመኝ በየቦታው ተናግሯል። ከውሻው ጋር መናፈሻ ተቀምጦ ሳለ፣ ሁለት የማያውቃቸው ሰዎች የሚወራወሩት ፍሪዝቢ አጠገቡ ወደቀ። አንስቶ ወረወረላቸው፤ እነሱም መልሰው ወረወሩለት፤ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ግን ሳይነግሩት ተዉትና ለሁለት ቀጠሉ። የማያውቃቸው ሰዎች፣ ያልለመነው ጨዋታ፤ ቢሆንም ስሜቱ እንደተነካ ታዘበ። ከባልደረቦቹ ጋር በ2000 (እንደ ፈረንጆቹ) ያሳተመው ሙከራ ይህንኑ ወደ ኮምፒውተር ያስገባ ነው። ተሳታፊው ስክሪን ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ኳስ ይቀባበላል፤ ሁለቱ ሰዎች ግን የሉም፣ ፕሮግራም ነው። አንድ ሁለት ጊዜ ያቀብሉትና ይተዉታል። ጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ ሲጠየቅ፣ የወገን ስሜቱም፣ ለራሱ ያለው ግምትም፣ ነገር በእጄ ነው የሚለው እምነትም ወርዶ ይገኛል።

ተከታዮቹ ሙከራዎች ናቸው ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅሙት። በ2004 ሊዛ ዛድሮ ከዊሊያምስ ጋር ባደረገችው ጥናት፣ ለአንዳንዶቹ ተሳታፊዎች «የምትጫወቱት ከኮምፒውተር ጋር ነው» ተብሎ በግልጽ ተነገራቸው። እነሱንም አመማቸው። በ2007 ደግሞ ካረን ጎንሳልኮራል የተባለች ተመራማሪ ከዚሁ ሰው ጋር ሆና፣ ያገለሏቸው ተጫዋቾች ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የጥቁር ጠል ድርጅት ደጋፊዎች እንደሆኑ ለተሳታፊዎቹ ነገረቻቸው። እንደነዚህ ባሉ ሰዎች መተው ቢያስደስት እንጂ ባላስከፋ ነበር፤ ግን ያው አስከፋ። ከሰው የመጀመሪያው ምላሽ «እነማን ናቸው? እፈልጋቸዋለሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም ማለት ነው። ኳሱ አልደረሰኝም ይላል፤ ይጎዳል። ማመዛዘኑ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

እነዚህ ሙከራዎች ስለ ሂሳብ ሠራተኛዋ ሁሉን አይነግሩንም። እሷን ማንም አልተዋትም፤ የቀረችው ራሷ ናት፣ ያውም በወር በወሩ። ግን አንድ ነገር ይፈቱልናል። ሐሙስ ማታ ፎቶ ስታይ የሚሰማት ሕመም «በልቤ መሄድ እፈልግ ነበር ማለት ነው» ብላ ራሷን እንድትጠራጠር ምክንያት አይሆንም። ሙስሊም መሆኗን ለመተው ወይም ልጇን ለሰው ለማስረከብ የሚያበቃ ማስረጃም አይደለም። የመጀመሪያው ንክሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዊሊያምስ እንደሚለው ሰው ነገሩን ሲያሰላስል ይበርዳል። የማይበርደው ከጀርባው ሌላ ነገር ሲኖር ነው። የእሷ ጉዳይ ላይ ሌላው ነገር ሥልጠናው ነው።

ስለዚህ ሁለቱን መለያየት ያስፈልጋል። የቀረባት ሳቅ አለ፤ የቀረባት ሥራም አለ። ሳቁ የሄዱት ሰዎች ድርሻ ነው፤ ማንም ሊከፍላት አይገባም። ሥራው ግን ጥብስ ቤት መሠራት አልነበረበትም።

ኃላፊ አጠገብ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያወጣ በቁጥር ያሳየ አንድ ጥናት አለ። ዞኢ ከለንና ሪካርዶ ፔሬዝ ትሩሊያ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የአንድ ትልቅ የእስያ ንግድ ባንክ የሠራተኛ መዝገብ አግኝተው፣ ኃላፊ ሲቀያየር የሠራተኛው ዕድገት ምን እንደሚሆን ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ2023 ታተመ። ወንድ ሠራተኛ ከሴት ኃላፊ ወደ ወንድ ኃላፊ ሲዛወር ዕድገቱ ይፈጥናል። ሴት ሠራተኛ ላይ ግን የኃላፊዋ ጾታ ለውጥ አያመጣም። ወንዶቹ ጠንክረው ስለሠሩ ይሆን ተብሎ ቢታይ፣ በሥራ ሰዓትም በአፈጻጸምም ልዩነት አልተገኘም። ልዩነት የተገኘው ሠራተኛውና ኃላፊው በአካል ተቀራርበው በሚሠሩበት ቦታ ነው፤ ተራርቀው ሲሠሩ ብልጫው የለም። ይበልጥ የሚያስገርመው ሲጋራው ነው። የሚያጨስ ወንድ ሠራተኛ የሚያጨስ ወንድ ኃላፊ ሲመጣለት፣ ዕረፍት ሰዓቱን ከእሱ ጋር ማሳለፍ ያበዛል፤ ዕድገቱም ይፈጥናል። ተመራማሪዎቹ እንደሚገምቱት በባንኩ ወንዶችና ሴቶች መካከል ካለው የዕድገት ልዩነት አንድ ሦስተኛውን ያህል የሚያስረዳው ይህ የወንድ ለወንድ ቅርርብ ነው።

ሲጋራ ማጨሻ በረንዳ ላይ ማንም ማንንም «አትምጪ» አላለም። እዚያም ክፋት ያሰበ ላይኖር ይችላል። ኃላፊ የሚያውቀውን ሰው ያምናል፤ የሚያውቀው ደግሞ አብሮት የቆመውን ነው። ጥብስ ቤቱ የእኛ በረንዳ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ምክር «እንግዲያው እንደምንም ብለሽ ሂጂ» የሚል ነው። የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ። በ2013 በአሜሪካ ትሬሲ ዱማስ፣ ካትሪን ፊሊፕስና ናንሲ ሮትባርድ ያሳተሙት ጥናት ግን ያስጠነቅቃል። በመሥሪያ ቤት ግብዣና መዝናኛ ላይ የሚካፈሉ ሰዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ይበልጥ ተቀራርበው ተገኝተዋል፤ በዘር ከባልደረቦቻቸው የሚለዩት ግን አልተቀራረቡም። መሄዱን ሄደዋል፤ ጥቅሙን አላገኙም። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት አምቦ ውሃ ይዛ የተቀመጠችውን ሴት ነው። ገበታው ለሌላ ሰው የተዘረጋ ከሆነ፣ ዳር ላይ መቀመጥ ልዩነቱን ለሁሉም ይበልጥ ያሳያል እንጂ አይሸፍነውም። በዚያ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ከመገናኛ ታክሲ ፈልጎ አያት መግባት ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

እንግዲህ ጉዳቱ ከሳቅ ማለፉን እንዴት ታውቃለች? በስሜት ከሄደች ወይ ሁሉን ነገር ትጠረጥራለች ወይ ሁሉን ትንቃለች። ለሁለት ለሦስት ወር ማስታወሻ መያዝ ይሻላል፤ የምትጽፈውም አጭር ነው። ለሥራዬ የሚያስፈልግ ነገር ሌላው ሰምቶ እኔ ዘግይቼ የሰማሁት መቼ ነው? ሥልጠና፣ የመስክ ሥራ፣ ውክልና ለማን ተሰጠ፤ የት ተወሰነ? ኃላፊዬ የምሠራውን ያውቃል ወይስ የሚያውቀው ስሜን ብቻ ነው? ማስታወሻው ላይ የተጻፈው «የእንትናን የሠርግ ወሬ አልሰማሁም» ከሆነ፣ አርብ ጠዋት ቡና ላይ «እስቲ ትናንት ምን ነበር?» ብላ ብትጠይቅ ይበቃል። ሰው የሳቀበትን ደግሞ መተረክ ይወዳል። የተጻፈው ሥልጠናና ምደባ ከሆነ ግን ጉዳዩ የኃላፊው ነው፤ ወደ እሱ መሄድ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እናንተ እየወጣችሁ እኔን ታገላላችሁ» ብሎ የጀመረ ንግግር የትም አይደርስም፤ ኃላፊው «ማን ከለከለሽ?» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ጥብስ ቤቱን ትቶ ሥልጠናውን መያዝ ይሻላል። ለምሳሌ እንዲህ፦ «አንድ ነገር ላነሳ ብዬ ነው፤ ጊዜ ካለዎት። የሶፍትዌር ሥልጠናው ላይ ማን እንደሚሄድ የሰማሁት ከተወሰነ በኋላ ነው። የመጋዘን ማስታረቁን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ብወዳደር እወድ ነበር። ሐሙስ ማታ ልጅ ስላለብኝ አልመጣም፤ ወደፊትም መምጣት አልችልም። እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ለክፍሉ በሙሉ በቴሌግራም ወይም በሰኞ ስብሰባ ቢነገር ደስ ይለኛል። በሁለተኛው ዙር ደግሞ እኔን ቢያስቡኝ።» የተነሳው አንድ ጉዳይ ነው፤ የተለመነውም ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ኃላፊው ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል ነው። «ወደፊትም መምጣት አልችልም» የሚለው አይቅር። በየወሩ አዲስ ምክንያት የሚፈጥር ሰው በየወሩ ይጠረጠራል፤ አንዴ ቁርጡን የተናገረ ሰው ግን ይታወቅለታል። ሃይማኖቷን ማንሳት አለማንሳት የእሷ ምርጫ ነው። ብታነሳው ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ቦታ የሚመርጠው ሰው ምን እንደሚቸግራት አያውቅም፤ ምክንያቱ ልጅ ብቻ ይመስለዋል።

ሌላው በእጇ ያለው ነገር ከሐሙስ ውጭ ያለው መቀራረብ ነው። የእኛ ቢሮ በዚህ ከሌላው ዓለም ሳይሻል አይቀርም። ለቅሶ ደርሶ፣ ወልዳ የተኛችን ገንፎ ይዞ ጠይቆ፣ ታሞ ሆስፒታል የገባን አይቶ የመጣ ሰው ጥብስ ቤት ባለመገኘቱ አይረሳም። ባልደረባህ አባቱ ሞቶበት ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ከመግቢያው ብቅ ያለውን ፊት ያስታውሳል፤ የሐሙሱን ድራፍት ማን እንደጠጣ አያስታውስም። ይህ ግን ከእኩያ ባልደረባ ጋር ነው የሚሠራው። ከኃላፊ ጋር የሚኖረውን ክፍተት ለቅሶ አይሞላውም፤ ኃላፊው ለቅሶ ቤት ስለ ሶፍትዌር አያወራም።

ስለዚህ ዋናው ሸክም ያለው ኃላፊው ላይ ነው፤ የሚጠበቅበትም ብዙ አይደለም። ሰው መዝናናቱን እንዲተው ማንም አይጠይቀውም። ጥብስ ቤት የተነሳ የሥራ ሐሳብ ጥብስ ቤት አይወሰንም የሚል ልማድ ካበጀ አብዛኛው ነገር ይስተካከላል። «ማን ይሂድ?» የሚለው ጥያቄ አርብ ጠዋት ለስምንቱም ይጻፋል፤ እስከ ማክሰኞ ፍላጎት ያለው ያሳውቃል፤ ከዚያ ይመረጣል። ሐሙስ ማታ እጁን ያወጣው ልጅ ሊመረጥ ይችላል፤ ቢያንስ ከሥራው አንጻር ተመዝኖ ይሆናል። ይህን ሲሰሙ «ጨዋታውን ስብሰባ ልታደርጉብን ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ተቃራኒው ነው፤ ሥራው ከጥብስ ቤት ሲወጣ ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ገበታው ራሱ አለ። በሀገራችን አብሮ መብላት ላይ የሚነሳው ትልቁ ችግር ሥጋ ነው። ክርስቲያኑ በሙስሊም የታረደውን፣ ሙስሊሙም በክርስቲያን የታረደውን አይበላም፤ ይህ በሁለቱም ወገን የቆየ ነው፤ በአንድ ኃላፊ ጥሩ ፈቃድ የሚፈታ አይደለም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በነቢያት ጾም፣ በፍልሰታ ደግሞ ኦርቶዶክሱ ራሱ ሥጋ ቤት አይገባም፤ በረመዳን ሙስሊሙ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃም አይቀምስም። አድቬንቲስቱ አርብ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ሰንበቱን ይዟል። ይህ ሁሉ ሲደመር ለሁሉም የሚሆን ቀንና ምግብ የሌለ ይመስላል። አለ ግን፤ ያውም ርካሽ ነው። የጾም በያይነቱ ቢላዋ ያልነካው ምግብ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል፤ ጾምም አይሽረውም። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት፣ በያይነቱና ቡና ሲሆን የልጅ መዋያ አይዘጋም፣ የታክሲ ሰልፍ አይረዝምም፣ መጠጥ የማይጠጣውም ለምን እንደማይጠጣ ማስረዳት አይጠበቅበትም። በረመዳን ይህ ምሳ ለሙስሊሞቹ አይሆንም፤ ያኔ አንድ ቀን አፍጥር አብሮ ማድረግ ይቻላል። ስምንት ሰው ባለበት ክፍል ከአራት ወር አንዱ እንዲህ ቢሆን፣ የቀሩት ሦስቱ ጥብስ ቤት ቢሆኑ ማንም አይጎዳም።

መዋጮውም መነካት አለበት። ብዙ ክፍል ውስጥ በየወሩ ከደመወዝ ላይ የምትሰበሰብ ብር አለች፤ ከዚያችው ላይ ለለቅሶም፣ ለወለደችም፣ ለጥብስም ይወጣል። የማትሄደው ሴት ሌሎች የሚበሉትን ትከፍላለች ማለት ነው። «አልከፍልም» ብትል ደግሞ ለለቅሶው ያልከፈለች ትመስላለች። መዝገቡን ለሁለት መክፈል ነው መፍትሔው፤ የመረዳጃው ሁሉም የሚከፍለው፣ የመዝናኛው የሚሄድ ሰው ብቻ የሚከፍለው ይሁን። ገንዘብ ያዡ ደብተር ላይ አንድ መስመር ማስመር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ግን ስንት ጉርምርምታ ያስቀራል።

ግብዣውም አይቋረጥ። እንደማትመጣ ቢታወቅም «ሐሙስ እንትን ቤት ነን፤ ከቻልሽ» ብሎ መንገር ያስፈልጋል፤ ያለ ልመና፣ ያለ «ምነው ሁሌ»። ራስን አቅቦ መቅረትና ሳይነገሩ መቅረት አንድ አይደሉም። ባልደረቦቿ መጠየቃቸውን የተዉት በደግነት ነው፤ እሷ ጋ የደረሰው ግን ደግነቱ አይደለም።

በአሜሪካ ቢሮ ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ነገሩ ትንሽ ይገለበጣል። እዚያ ከሥራ በኋላ መጠጥ ቤት መሰብሰብ የሚወደደው አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ለኦርቶዶክሱ ጾም ነው። በመናገሻው ቢሮ ብዙኃኑን ሆኖ ሐሙስን የመረጠው ክርስቲያን፣ ዋሽንግተን ሲደርስ የአምቦ ውሃውን ወንበር እሱ ይይዘዋል። ምክንያቱን ለመናገርም ይበልጥ ይቸገራል፤ እዚያ አገር ቢሮ ውስጥ ሃይማኖትን ማንሳት ያሳፍራል፣ ጾም ሲባልም የሚረዱት የአመጋገብ ፋሽን ነው።

ሕግስ? በፈረንሳይ አንድ ጉዳይ እስከ ከፍተኛው ሰበር ፍርድ ቤት ደርሷል። ኩቢክ ፓርትነርስ የተባለ አማካሪ ድርጅት አንድ ሠራተኛውን ካሰናበተባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ የድርጅቱን «መዝናናት» ባህል አለመቀበሉ ነበር፤ በሳምንቱ መጨረሻ በሚደረጉ ግብዣዎች ብዙ መጠጥና ልቅ ጨዋታ ነበረበት። ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ኅዳር 2022 (እንደ ፈረንጆቹ) ላይ፣ ሠራተኛው በዚህ አለመካፈሉ ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነቱ አካል ነው፤ ሊሰናበትበት አይችልም ሲል ወሰነ። በእኛ አገር በግል ድርጅት ላይ የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንዴም ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ይደነግጋል፤ በሃይማኖትም ሆነ በጾታ አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ስለ ጥብስ ቤት አይናገርም፤ ይናገራል ተብሎም አይጠበቅም። ግን «ቅዳሜ ከሰዓት ቢሾፍቱ ሁላችሁም መገኘት አለባችሁ» ተብሎ ፊርማ የሚወሰድ ከሆነ፣ ያ መዝናኛ ነው ወይስ ሥራ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሥራ ከሆነ በሥራ ሰዓት ይቆጠር፤ መዝናኛ ከሆነ ፊርማው ይቅር።

በዚህ መለኪያ የሚከብደው በዓመት አንዴ የሚደረገው ትልቁ ጉዞ ነው። ድርጅቱ ሠራተኛውን አውቶቡስ አሳፍሮ ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ይወስዳል፤ ጠዋት የዓመቱ ዕቅድ ይቀርባል፣ ከሰዓት ገመድ መጎተትና ጀልባ አለ፣ ማታ ሙዚቃ። ሥራውና ጨዋታው አንድ ፕሮግራም ላይ ተሰፍቷል፤ ልጇን ትታ ማደር የማትችል እናት የምትቀረው ከገመድ ጉተታው ብቻ አይደለም፣ ከዕቅዱም ነው። እኔን ቢያማክሩኝ ዕቅዱን አርብ ጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት፣ ሁሉም በተገኘበት አቅርበው፣ ከምሳ በኋላ የሚሄደውን አሳፍረው እንዲሄዱ እላለሁ። አውቶቡሱ ያው አውቶቡስ ነው፤ ሐዋሳ ለመድረስ ሦስት አራት ሰዓት ስለሚዘገይ የሚቀርበት ነገር ቢኖር የመጀመሪያው ቀን የጀልባ ጉዞ ነው።